በትንሽ የጽሑፍ ክምችት የቃላትን ጉድኝት መለካት፦ የፒኤምአይና የሎግ ላይክሊሁድ ዝርዝር መመሪያ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጡ የቋንቋ ተማሪዎች ያተሙትን ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረጋሉ። ችግራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። ከጽሑፋቸው ውስጥ አብረው መሄድ የሚወዱ ቃላትን ለማውጣት፣ ሁለት ቃላት ምን ያህል እንደተጣበቁ በሚለካው በፒኤምአይ አስልተው ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድረዋል፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ግን «ጃንጥላዋን ተደግፋ» ተቀምጧል። «ቡና ጠጣ»ን ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል። ባለፈው ጊዜ የመጣች ተማሪ «ጋሼ፣ ቀመሩን ተሳስቼ ይሆን?» አለችኝ። ቀመሩን አልተሳሳተችም። የተሳሳተችው ከቀመሩ በፊት መሠራት የነበረባቸውን ሥራዎች መዝለሏ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ ከ10,000 እስከ 100,000 ቃል ለሚሆን ክምችት ነው። ክምችታችሁ ከ10,000 ቃል በታች ከሆነ ማስላቱን ተዉት፤ የምትፈልጉትን ቃል የያዙ ዓረፍተ ነገሮችን አንድ በአንድ አውጥታችሁ ማንበብ ይሻላችኋል።

ምሳሌዬ ከገበያና ከቡና ላይ ጨዋታ ተቀድቶ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ የ24 ቅጂ ክምችት ነው። ስሌቱ እንዲቀል ብዬ ቁጥሮቹን ለልምምድ አስተካክያቸዋለሁ፤ ስለ ወሎ አማርኛ እንደ ግኝት አትጥቀሷቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። ሁሉንም በአንድ ፋይል የምታጣብቁ ከሆነ ደረጃ 6 ላይ ስትደርሱ ትቆጫላችሁ። ሁለተኛ፣ ፋይሎቹን `texts` በሚባል አቃፊ ውስጥ በ`.txt` ቅርጽና በUTF-8 አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተርና አንድ የሒሳብ ማሽን ይኑራችሁ። የሒሳብ ማሽኑ ለጌጥ አይደለም፤ ደረጃ 4 ላይ የኮምፒውተሩን መልስ የምትፈትሹበት ነው።

ዋናውን ፋይል አትንኩ። ቅጂ አውጥታችሁ በቅጂው ላይ ሥሩ።

## ደረጃ 1፦ ጽሑፉን አጽዱ

አማርኛን እንደተጻፈ ብትቆጥሩት አንዱ ቃል ሦስትና አራት ሆኖ ይወጣል። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ» እና «ፀሃይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የማይተዋወቁ ሦስት ቃላት ናቸው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቃል ላለው ሰው ይህ ብዙም አይጎዳውም። እናንተ ግን 12 ጊዜ የመጣውን ቃል አራት፣ አምስትና ሦስት አድርጋችሁ ከፈላችሁት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቀመር አያድነውም። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ መልክ አምጡ።

```python
import re, math
from pathlib import Path
from collections import Counter

T = str.maketrans(
 "ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦሧዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣ",
 "ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶሷአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአ")

def sentences(text):
    text = text.translate(T)
    text = re.sub("፡፡|::", "።", text)
    for s in re.split("[።፧?!]+", text):
        yield re.findall("[\u1200-\u135A]+", s)
```

ከላይ ያለው `re.sub` የሚለው መስመር ትንሽ ቢመስልም አትዝለሉት። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን እንደ ዓረፍተ ነገር ማብቂያ ካላወቀው የአንዱ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ጋር ተጓዳኝ ሆኖ ይቆጠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ምሕጻረ ቃላትን ከመቁጠራችሁ በፊት ዘርዝሩ ወይም አውጡ። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ጊዜ ዝርዝሬን ስከፍት በሁለተኛው መለኪያችን በሎግ ላይክሊሁድ አንደኛ የወጣው «አ ም» ነበር። ግማሽ ቀን ያህል የንግግር ቅላጼ ነው ብዬ ስመራመርበት ቆየሁ። ለካ «ዓ.ም» ነው፤ ነጥቡ ለሁለት ሰንጥቆት፣ «ዓ» ደግሞ ወደ «አ» ተቀይሮ። 40,000 ጥንድ ባለው ክምችት 60 ጊዜ ብቻ የመጣ «ዓ.ም» ውጤቱ 900 ይደርሳል፤ ከእውነተኛ ጉድኝት ሁሉ በላይ ይቀመጣል። «ት/ቤት»ም እንዲሁ «ት ቤት» ይሆናል። በመፈለጊያና መተኪያ «ትምህርት ቤት» ብላችሁ ጻፉት፤ «ዓ.ም»ን ደግሞ ነጥቡን አጥፍታችሁ «ዓም» አድርጉት።

## ደረጃ 2፦ የቃሉን ቅርጾች ሰብስቡ

«ቡና»፣ «ቡናን»፣ «ቡናው»፣ «ቡናችንን» አንድ ላይ ካልተቆጠሩ፣ «ጠጣ»፣ «ጠጡ»፣ «ጠጥተን»፣ «እንጠጣ»ም ካልተገናኙ፣ 36 ጊዜ የታየው «ቡና ጠጣ» ተበታትኖ ከእያንዳንዱ አንድና ሁለት ብቻ ይቀራል።

ብዙዎች እዚህ ጋ አቋራጭ ይፈልጋሉ፦ ከቃሉ ፊት «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና «የ»ን ኮምፒውተሩ ጠራርጎ እንዲቆርጥ ያዝዙታል። ይህን አታድርጉ። «ከተማ» «ተማ» ይሆናል፤ «የካቲት» «ካቲት» ይሆናል። ቡና ላይ የተቀዳ የወሎ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ስኒ ራሱ ይጠፋል፦ «በረካ» «በ»ው ተቆርጦለት «ረካ» ይሆንና ጠግቦ ከተነሳው ሰው «ረካ» ጋር ይቀላቀላል። ዝርዝራችሁ ላይ «ቶና ረካ» የሚል ነገር ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

በእጅ ሥሩት። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የመጡትን ቃላት በፊደል ቅደም ተከተል አውጡ፤ በአንድ ዓምድ የታየውን ቅርጽ፣ በሌላው የምትሰበስቡበትን ቅርጽ ጻፉ። የማያጠራጥረውን ብቻ ሰብስቡ። «መታ» ከ«መቷል» ጋር ይሄዳል። «አለ» ግን ተናገረም፣ ኖረም፣ የ«ብቅ አለ» እና የ«ዝም አለ» ረዳትም ሊሆን ስለሚችል ሳታነቡ አታዋህዱት። ለ40,000 ቃል ክምችት ይህ ሥራ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ዝርዝሩን አትማችሁ በእርሳስ መሥራት ትችላላችሁ፤ እኔ እንዲያውም በወረቀት ሲሆን ስህተቱ ቶሎ ይታየኛል።

ካልሠራ፦ ዝርዝሩን አስገብታችሁ ምንም ካልተሰበሰበ፣ በዝርዝራችሁ ውስጥ ያሉትን ቃላት በደረጃ 1 የፊደል ማስተካከያ አላሳለፋችኋቸውም ማለት ነው። ጽሑፉ «ጸሀይ» ይላል፤ ዝርዝሩ «ፀሐይ»ን ይፈልጋል።

## ደረጃ 3፦ ጥንዶቹን ቁጠሩ

ከታች `lemma` የተባለው በደረጃ 2 ያዘጋጃችሁት ዝርዝር ነው፤ የታየው ቅርጽ ቁልፍ፣ የምትሰበስቡበት ቅርጽ ዋጋ ሆኖ በፓይተን `dict` ይጫን።

```python
files = {p.name: p.read_text(encoding="utf-8")
         for p in Path("texts").glob("*.txt")}
pairs, left, right, docs = Counter(), Counter(), Counter(), {}
for name, text in files.items():
    for s in sentences(text):
        s = [lemma.get(w, w) for w in s]
        for a, b in zip(s, s[1:]):
            pairs[a, b] += 1
            left[a] += 1
            right[b] += 1
            docs.setdefault((a, b), set()).add(name)
n = sum(pairs.values())
```

ይህ የሚቆጥረው ጎን ለጎን የቆሙትን ነው። `n` የቃላቱ ሳይሆን የጥንዶቹ ብዛት መሆኑን ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከቃላቱ በአንድ ያነሰ ጥንድ ይሰጣል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር በሆኑበት የንግግር ክምችት ውስጥ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ቡናውን ከጎረቤቶቿ ጋር ጠጣች» ሲባል ጎን ለጎን ያለው ቆጠራ ጉድኝቱን ያጣዋል። ጥንድ የምትፈልጉበትን መስኮት ወደ ቀኝ ሦስት ቃል ድረስ ማስፋት ትችላላችሁ። ነገር ግን መስኮቱን ስታሰፉ በአጋጣሚ የመገናኘት ዕድሉም አብሮ ይሰፋል፤ ሦስት ቦታ ከፈቀዳችሁ የሚጠበቀው ቁጥርም በግምት በሦስት ይባዛል። ይህን ያላደረገ ሰው ፒኤምአዩ በሙሉ በ1.6 ገደማ ከፍ ብሎበት «ጠንካራ ጉድኝት አገኘሁ» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ጎን ለጎን ባለው ቆዩ።

## ደረጃ 4፦ አንድ ጥንድ በእጃችሁ አስሉ

ኮምፒውተሩን ከማዘዛችሁ በፊት የምታውቁትን አንድ ጥንድ በሒሳብ ማሽን ሥሩ። በእኛ ክምችት 40,000 ጥንዶች አሉ። «ቡና» በግራ 120 ጊዜ፣ «ጠጣ» በቀኝ 80 ጊዜ፣ ሁለቱ አብረው 36 ጊዜ መጥተዋል።

መጀመሪያ የሚጠበቀውን ቁጥር አውጡ። ቃላቱ ምንም ዝምድና ባይኖራቸውና እንዲሁ ቢበተኑ ስንት ጊዜ ይገናኙ ነበር? 120 በ80 ተባዝቶ ለ40,000 ሲካፈል 0.24 ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። የታየው ግን 36 ነው፤ ከሚጠበቀው 150 እጥፍ።

ፒኤምአይ ማለት ይህ እጥፍ በሁለት መሠረት ሎጋሪዝም ሲገለጽ ነው። የ150 ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ሲሰላ 7.23 ይሆናል። የሚመልሰው ጥያቄ «ምን ያህል ተጣብቀዋል?» የሚለውን ነው። ስንት ማስረጃ እንዳላችሁ ግን አይጠይቅም፤ 36 ለ0.24 እና 3 ለ0.02 በእሱ ዘንድ አንድ ናቸው።

ሎግ ላይክሊሁድ «ይህን በአጋጣሚ ነው ብዬ ልለፈው ወይስ በቂ ማስረጃ አለኝ?» የሚለውን ይጠይቃል። ለዚህም አራት ሣጥን ይሞላል፦ አብረው የመጡበት 36፣ ቡና ከሌላ ቃል ጋር የመጣበት 84፣ ጠጣ ከሌላ ቃል ጋር የመጣበት 44፣ ሁለቱም የሌሉበት 39,836። አራቱ ተደምረው 40,000 መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ቆጠራችሁ ላይ ስህተት አለና ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሣጥን የታየውን ለሚጠበቀው አካፍሉ፤ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ወስዳችሁ በታየው አባዙ፤ አራቱን ደምራችሁ በሁለት አባዙ። ለዚህ ጥንድ 320.4 ይወጣል።

```python
def score(o, f1, f2, n):
    e = f1 * f2 / n
    cells = [(o, e),
             (f1 - o, f1 * (n - f2) / n),
             (f2 - o, (n - f1) * f2 / n),
             (n - f1 - f2 + o, (n - f1) * (n - f2) / n)]
    g2 = 2 * sum(a * math.log(a / b) for a, b in cells if a > 0)
    return round(math.log2(o / e), 2), round(g2, 1), o > e

print(score(36, 120, 80, 40000))
```

መልሱ `(7.23, 320.4, True)` መሆን አለበት።

የተለየ ቁጥር ከወጣ፦ በኤክሴል ሠርታችሁ ፒኤምአዩ 2.18 ከሆነ `LOG` ውስጥ መሠረቱን ሳትጽፉ ቀርታችኋል፤ ኤክሴል ዝም ካላችሁት በ10 ይወስዳል። `=LOG(150,2)` ብላችሁ ጻፉ። ሎግ ላይክሊሁዱ 361 ገደማ ከሆነ የመጀመሪያውን ሣጥን ብቻ አስልታችሁ ሌሎቹን ሦስቱን ረስታችኋል። `#NUM!` ካያችሁ ደግሞ ባዶ ሣጥን አለ፤ ዜሮ ሎጋሪዝም የለውምና ያን ሣጥን እንደ ዜሮ ቁጠሩት። ከላይ ያለው ኮድ `if a > 0` የሚለው ለዚህ ነው።

## ደረጃ 5፦ ከመደርደራችሁ በፊት አበጥሩ

አሁን ወደ «ጃንጥላዋን ተደግፋ» እንመለስ። አንዲት እናት ስለ አንዲት አሮጊት ሲያወሩ አንድ ጊዜ ብቻ ያሉት ነው። ሁለቱም ቃላት በሙሉ ክምችቱ ውስጥ ሌላ ቦታ የሉም። የሚጠበቀው ቁጥር 1 በ1 ተባዝቶ ለ40,000 ሲካፈል ከምንም የማይቆጠር ነው፤ የታየው አንድ ነው፤ እጥፉ 40,000 ነው። ፒኤምአይ 15.29። ከዚህ በላይ መውጣት የሚችል ጥንድ በዚህ ክምችት ውስጥ የለም። የክምችቱ ከፍተኛ ነጥብ አንድ ጊዜ ለተባለ ነገር ተሰጠ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጡ ቃላት ደግሞ በትንሽ ክምችት ውስጥ፣ በተለይ ቅርጹ በሚበዛ ቋንቋ፣ ከቃላቱ ዓይነቶች ግማሽ ገደማና ከዚያ በላይ ይሆናሉ። ያ ሁሉ ገጽ የተሞላው በእነሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «እንግዲያው ፒኤምአይን ትታችሁ ሎግ ላይክሊሁድን ተጠቀሙ» የሚል ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው፤ ሎግ ላይክሊሁድን በ1993 ለዚህ ሥራ ያስተዋወቀው ቴድ ደኒንግም ከነባሮቹ መለኪያዎች ይልቅ ብርቅ ቃላትን በተሻለ እንደሚይዝ ነው ያሳየው። ተማሪዎች የሚያልፉት ግን ሌላኛው ግማሽ ነው። «ጃንጥላዋን ተደግፋ»ን በሎግ ላይክሊሁድ አስሉት፦ 23.2 ይወጣል። በተለመደው ሠንጠረዥ ከ3.84 በላይ የሆነ በአምስት ከመቶ ደረጃ፣ ከ10.83 በላይ የሆነ በአንድ ከሺህ ደረጃ፣ ከ15.13 በላይ የሆነ በአንድ ከአሥር ሺህ ደረጃ «አጋጣሚ አይደለም» ይባላል። አንድ ጊዜ የተሰማው ጃንጥላ ሦስቱንም መስመር ዘለለ። ሠንጠረዡ የተሠራው ሣጥኖቹ በቂ ቁጥር ሲይዙ ለሚሠራ ግምት ነው፤ የሚጠበቀው ቁጥር ከአንድ እጅግ ሲያንስና የታየውም አንድ ወይም ሁለት ሲሆን ያ ግምት አይያዝም።

ስለዚህ ወንፊቱ ከሁለቱም ቀመሮች በፊት ይምጣ። ለ40,000 የምመክረው ይህ ነው፦ አብረው ከአምስት ጊዜ በታች የመጡትን ጣሉ። ለምን አምስት? ራሳችሁ ፈትኑት። የሁለቱ ቃላት ብዛት ሳይለወጥ አብረው የመጡበት በአንድ ቢቀንስ ፒኤምአዩ ስንት ይንቀሳቀሳል? ሁለት ጊዜ የመጣ ጥንድ አንዱ ሲቀነስበት አንድ ሙሉ ነጥብ ይወርዳል። አምስት ጊዜ የመጣው በ0.3 ገደማ፣ 36 ጊዜ የመጣው ደግሞ በ0.04 ብቻ ይወርዳል። አንድ የቅጂ ስህተት ደረጃውን የሚገለብጠው ጥንድ በዝርዝር ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ወንፊቱ ሁሉንም ከጣለባችሁ፦ መጀመሪያ ወደ ደረጃ 2 ተመልሳችሁ ያልተሰበሰቡ ቅርጾችን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው። ካልሆነ መስኮቱን አስፉ። የመጨረሻው አማራጭ ወንፊቱን ወደ ሦስት ማውረድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጥንዶቹን «ሊመረመሩ የሚገባቸው» ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡ። የሎግ ላይክሊሁዱን መስመር ከ10.83 ወደ 3.84 ማውረድ መፍትሔ አይደለም። ሺህ ጥንድ ከፈተናችሁ በአምስት ከመቶ ደረጃ ሃምሳ ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ሊያልፉ ይችላሉና።

## ደረጃ 6፦ ከስንት ሰው አፍ እንደወጣ እዩ

አምስትን ያለፈ ጥንድ ሁሉ የማኅበረሰቡ አይደለም። በምሳሌያችን «ዋግ መታ» ዘጠኝ ጊዜ መጥቷል። «ዋግ» 11 ጊዜ፣ «መታ» 25 ጊዜ ነው። ፒኤምአይ 10.35፣ ሎግ ላይክሊሁድ 126.1፤ በሁለቱም ሲታይ ኩሩ ውጤት ነው። ሰነዶቹን ስንቆጥር ግን ዘጠኙም ከአንድ ፋይል የወጡ ናቸው። አንድ ገበሬ በዚያ ዓመት ስንዴያቸውን ዋግ መትቶባቸው ከልባቸው አዝነው ያወሩት ነው። ያን ፋይል ብታወጡ ጉድኝቱ ዜሮ ይሆናል።

«ዋግ መታው» እውነተኛ የአማርኛ አባባል መሆኑን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል። ክምችታችሁ ግን ያንን አላረጋገጠም፤ ያረጋገጠው አንድ ሰው ደጋግመው እንዳሉት ነው። ሁለቱም ቀመሮች እያንዳንዱን መገናኘት ከሌላው የተነጠለ አድርገው ይቆጥራሉ፤ ሰው ግን አንዴ የያዘውን አባባል በዚያው ጨዋታ ውስጥ ይደጋግመዋል።

በኮዱ ውስጥ `docs` የተባለው ለዚህ የተቀመጠ ነው። `len(docs[a, b])` ብላችሁ ስትጠይቁ ጥንዱ በስንት ፋይል እንደመጣ ይነግራችኋል። ከሦስት ፋይል በታች የመጣውን ከዋናው ዝርዝር አውጡ። አንድ ተናጋሪ በሁለት ፋይል ካለ ፋይሉን ሳይሆን ተናጋሪውን ቁጠሩ።

## ደረጃ 7፦ ደርድሩ፣ አቅጣጫውንም ፈትሹ

አሁን የቀሩትን በዚህ ቅደም ተከተል ያዟቸው። በሎግ ላይክሊሁድ ከ10.83 በታች የሆኑትን ጣሉ፤ የቀሩትን በፒኤምአይ ደርድሩ። አንዱ በር ጠባቂ፣ አንዱ ደርዳሪ ይሁን። ወንፊት ያለፉትም ቢሆኑ ከላይ የሚወጡት አነስ ያለ ቁጥር ያላቸው ናቸውና የታየውን ቁጥር ከጎን ሳታስቀምጡ ፒኤምአይን ብቻ አታንብቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ትልቅ ሎግ ላይክሊሁድ መፈላለግ ብቻ አይደለም፤ መሸሻሸም ሊሆን ይችላል። «ነው» በግራ 1,600፣ «እና» በቀኝ 900 ጊዜ ቢመጡ የሚጠበቀው 36 ነው። የታየው ግን 4 ብቻ ነው። ሎግ ላይክሊሁዱ 48.3 ይወጣል፤ በዝርዝሩ ላይ ሲታይ እንደ ጠንካራ ጉድኝት ነው። በእውነቱ ግን ሁለቱ ይሸሻሻሉ፤ አማርኛ «ነው እና» ከማለት «ነውና» ብሎ ገጥሞ ስለሚጽፍ። ቀመሩ ልዩነቱን እንጂ አቅጣጫውን አያሳይም። ከኮዱ የሚወጣው ሦስተኛ መልስ `False` ከሆነ ጥንዱን ወደ ሌላ ገጽ አዛውሩ። ፒኤምአዩም ከዜሮ በታች ስለሚሆን በዚያም ይታወቃል።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ጥንዶች በየዓረፍተ ነገራቸው አውጥታችሁ አንብቡ። ሁሉንም መስመር። ይህን ሳታደርጉ ወደ መመረቂያ ጽሑፋችሁ ምዕራፍ አራት አትለፉ።

## ደረጃ 8፦ ሁለት ከተማ ስታወዳድሩ

ከሁሉም በላይ የሚያስቀኝ፣ የሚያሳዝነኝም ስህተት እዚህ ነው። አንድ ተማሪ ክምችቱን ለሁለት ከፍሎ አመጣልኝ፦ 30,000 ጥንድ ከደሴ፣ 10,000 ጥንድ ከኮምቦልቻ። «ቡና ጠጣ» በደሴው ክፍል 240.3፣ በኮምቦልቻው 80.1 ሎግ ላይክሊሁድ አገኘ። ከዚያም የደሴ ሰው ቡናን ከመጠጣት ጋር ያያዘው ከኮምቦልቻ ሰው ሦስት እጥፍ ነው ብሎ ጻፈ፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሊሆን ይችላል የሚል ማብራሪያም ጨመረበት።

ቁጥሮቹን እንያቸው። በደሴው ክፍል «ቡና» 90፣ «ጠጣ» 60፣ አብረው 27 ናቸው። በኮምቦልቻው 30፣ 20 እና 9። የሚጠበቀው 0.18 እና 0.06 ነው። በሁለቱም እጥፉ 150፣ በሁለቱም ፒኤምአይ 7.23። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ የተለወጠ ነገር የለም። ሎግ ላይክሊሁድ ማስረጃን ስለሚለካ ሁሉም ቁጥር በሦስት ሲባዛ እሱም በሦስት ይባዛል። ተማሪው ሦስት እጥፍ ብሎ ያገኘው የራሱን የመቅዳት ትጋት ነው፤ በደሴ ሦስት እጥፍ ስለቀዳ።

ስለዚህ መጠናቸው የተለያየ ክምችቶችን በሎግ ላይክሊሁድ አታወዳድሩ። በፒኤምአይ ማወዳደር ይቻላል፤ ነገር ግን በሁለቱም ወገን አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የመጡትን ብቻ ውሰዱ። ለብርቅ ጥንዶች ፒኤምአይም ከክምችቱ ጋር ያድጋል፦ አንድ ጊዜ የመጣ ጥንድ በ10,000 ውስጥ 13.29፣ በ40,000 ውስጥ 15.29 ያገኛል። ስለ ሁለቱ ከተማ ሌላ ምንም ሳይለወጥ ሁለት ነጥብ ልዩነት ይታያችኋል።

## በጽሑፋችሁ ውስጥ የሚሰፍረው

ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለቱን ውጤቶች ብቻ አታስፍሩ፤ አንባቢ መልሶ ሊያሰላው የሚችለውን ሁሉ ስጡት። ከሠንጠረዡ በላይ የጥንዶቹን ጠቅላላ ብዛት፣ መስኮቱን፣ ወንፊቱን፣ የቃል ቅርጾችን እንዴት እንደሰበሰባችሁና የፒኤምአዩ ሎጋሪዝም በመሠረት 2 መሆኑን ጻፉ። የምሳሌያችን ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

| ጥንድ | አብረው | ግራ | ቀኝ | ፋይል | ፒኤምአይ | ሎግ ላይክሊሁድ | ውሳኔ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ቡና ጠጣ | 36 | 120 | 80 | 19 | 7.23 | 320.4 | ይቀራል |
| ዋግ መታ | 9 | 11 | 25 | 1 | 10.35 | 126.1 | ይወጣል፣ የአንድ ተናጋሪ ነው |
| ነው እና | 4 | 1,600 | 900 | 4 | −3.17 | 48.3 | ይወጣል፣ ይሸሻሻሉ |
| ጃንጥላዋን ተደግፋ | 1 | 1 | 1 | 1 | 15.29 | 23.2 | ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ብቻ |

መርማሪው «ለምን ዋግን አወጣህ? ፒኤምአዩ ከቡና ይበልጣል እኮ» ብሎ ሲጠይቅ ጣታችሁን አምስተኛው ዓምድ ላይ አድርጉ።